ለጀማሪ መሐንዲስ፦ የሥራ መልቀቂያ ኢሜይል ከነርክክብ ዕቅዱ

ጀማሪ መሐንዲሶች ሥራ ሲለቁ ለቡድን መሪያቸው የሚልኩት ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። በራሴ ፈቃድ ለመልቀቅ ወስኛለሁ፣ እስካሁን ስላደረጋችሁልኝ አመሰግናለሁ፣ ለርክክብ ዝግጁ ነኝ ይላል። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለቡድን መሪው ምንም አትነግረውም። እሱ ያን ሰዓት የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፦ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩን ማን ያስነሳል? የተጀመረው ግዢ የት ደርሷል? የማሽኑ ፕሮግራም ቅጂ ያለው ማን ጋ ነው? ጥሩ መልቀቂያ ኢሜይል ለእነዚህ በቀንና በሰው ስም መልስ ይሰጣል።

ነገሩ እንዳይደበዝዝ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ደብረ ብርሃን ዳር አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ አለ እንበል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሁለት ዓመት ግድም በጥገና ክፍል የሠራች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አዲስ አበባ ሌላ ሥራ አግኝታለች። አለቃዋ የጥገና ቡድን መሪው ናቸው። ከእሷ ጋር ሁለት ቴክኒሻኖች በሺፍት ይሠራሉ፤ ከእነሱ አንዱ ሥራዋን ሊረከብ ይችላል፣ ላይችልም ይችላል።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

ኢሜይል ከመክፈታችሁ በፊት የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ከሄደ ከ30 ቀን ደመወዙ የማይበልጥ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ይህ አይመለከተውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ ደንቡን እዚያው ይይ። ኩባንያው ከፍሎ ካሠለጠናችሁና «ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ ያን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ባለው የሥራ ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ያግዛል። መሐንዲሷ ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም ብትሰጥ ኅዳር 2 አንድ ብሎ ይጀምርና ሠላሳኛው ቀን ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ላይ ይውላል። በነሐሴ የሚለቅ ግን ጳጉሜን እንዳትረሳበት። ቅዳሜ በማይሠራ ድርጅት ዓርብ ከሰዓት የገባ ማስጠንቀቂያ ሰኞ መቆጠር ስለሚጀምር፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት «በዚህ ቀን ጀምሪ» ካለ ሁለቷ ቀን ልዩነት ታመጣለች።

የሰው ኃይል ክፍሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም ጻፉት። ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ማለት ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ነው። አንዱን ብቻ ጽፋችሁ ሌላው ወገን ሲያሰላው ቢሳሳት የሚጎድለው የእናንተ ደመወዝ ነው።

በአካል ተናገሩ፣ በዚያው ቀን ጻፉ

ቡድን መሪው መልቀቃችሁን ከኢሜይል ማወቅ የለበትም። ከሻይ ክበብ ወሬ መስማቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጠዋት የሺፍት ርክክቡ አልቆ ቢሮው ጸጥ ሲል ገብታችሁ «ኢንጂነር፣ አሥር ደቂቃ ካለዎት አንድ ጉዳይ ነበረኝ» ማለት ይበቃል። ቀኑንና ማስረከብ የምትፈልጉትን ነገር ንገሩት፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቅሬታ፣ ስለ አዲሱ ኩባንያ ዝርዝር መግባት አያስፈልግም። አዋጁም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለሚለቅ ሠራተኛ ምክንያት አቅርብ አይለውም። ሰውየው «ለምን?» ማለታቸው ግን አይቀርም፤ «የተሻለ የሥራ ዕድል አግኝቼ ነው» በቂ መልስ ነው።

አንድ ነገር ጠይቃችሁ ውጡ፦ ማን ይረከበኛል? መልሱ «እናስብበት» ቢሆንም ኢሜይሉን በዚያው ቀን ላኩ። ተረካቢ እስኪገኝ ልጠብቅ ያለ ሰው ቀኑም ቆጠራ ሳይጀምር ያልፍበታል።

ጭንቅላታችሁ ውስጥ ብቻ ያለውን አውጡ

የርክክብ ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው የሥራ መዘርዝሩን ይገለብጣል፦ «ሞተሮችን መመርመር፣ ፓኔሎችን ማጽዳት፣ ሪፖርት ማዘጋጀት።» ያ መዘርዝር ከቅጥር ቀን ጀምሮ ፋይል ውስጥ አለ፤ እንደገና ማስረከብ አይፈልግም። መረከብ ያለበት እናንተ ነገ ባትመጡ የሚጠፋው ነው። እሱን ለማግኘት ያለፉትን ሁለት ወራት የስልክ ጥሪዎቻችሁንና የጥገና መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእረፍት ቀናችሁ ወይም በሌሊት የተደወለላችሁ ጉዳይ ሁሉ ከእናንተ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም ማለት ነው።

የእኛ መሐንዲስ ይህን ስታደርግ ሦስት ነገር ብቻ ቀረላት። ሦስት ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ30 ቀን በደንብ ማስረከብ የሚቻለው ይህንኑ ያህል ነው። ሃያ ነጥብ የዘረዘረ ዕቅድ አይቼ አንዱም በቅጡ ሲረከብ አላየሁም።

የመጀመሪያው የጥሬ ውሃ ፓምፑ ድራይቭ ነው። ሞተሩ 22 ኪሎዋት ነው፤ ድራይቩም ልክ በልኩ 22 ኪሎዋት ሲሆን ሰሌዳው ላይ 45 አምፔር ይላል። ይህ ቁጥር ግን እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተሰጠ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው 2,800 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዕቃው ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። 1,800 ሜትር ትርፍ ስላለን 18 በመቶ ይቀነሳል፤ 45 አምፔር የነበረው 37 አምፔር ገደማ ይሆናል። መሐንዲሷ የድራይቩን የአምፔር ጣሪያ 37 ላይ አድርጋዋለች። «ደብረ ብርሃን እንዲህ እየበረደ ምን ሙቀት አለ?» የሚል ቴክኒሻን አይጠፋም። ቅዝቃዜው በርግጥ ትንሽ ያካክሳል፤ ነገር ግን የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ብዙ ዕቃ አብሮ ሲግል ያ ጥቅም ይጠፋል።

አሁን ይህ ሳይጻፍ ብትሄድ ምን እንደሚሆን አስቡት። ማጣሪያው ይቆሽሻል፣ ፓምፑ ይከብደዋል፣ ድራይቩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ኦፕሬተሩ ይጮኻል። የሌሊት ቴክኒሻኑ ድራይቩን ከፍቶ 37 ያያል፣ ሰሌዳው ላይ 45 ያያል፣ «ማን ነው ያበላሸው?» ብሎ ይመልሰዋል። ለጥቂት ቀን ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲበዛ ድራይቩ በሙቀት ምክንያት መቆም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ይቃጠላል። ስለዚህ የርክክብ ማስታወሻው ላይ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ለምን እንደተቀመጠና ግፊት ሲወርድ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማጣሪያው መሆኑን ጨምሩበት። እሷ የጻፈችው ይህን ይመስላል፦

> የጥሬ ውሃ ፓምፕ ድራይቭ። የአምፔር ጣሪያ 37 ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፤ በከፍታችን ምክንያት ድራይቩ 45 በተከታታይ አይችልም። ግፊት ከወረደ መጀመሪያ ማጣሪያውን እዩ፣ ቀጥሎ የቫልቩን አከፋፈት። ጣሪያውን ከፍ አታድርጉ። መፍትሔው 30 ኪሎዋት ድራይቭ መግዛት ነው፤ ጥያቄው ግዢ ክፍል ገብቷል፣ የውጭ ምንዛሪ እየተጠበቀ ነው፣ ቅጂው በጥገና ቢሮ በግዢ ፋይል ውስጥ አለ።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። ያላለቀን ሥራ «በሂደት ላይ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሥራ ሳይጨርሱ መሄድ የሚያሳፍር ስለሚመስል ይሆናል። ተረካቢው ግን ከየት እንደሚቀጥል ካላወቀ ጥያቄውን ከዜሮ ይጀምረዋል። የቆመበትን ቦታ፣ ማን ጋ እንዳለና ምን እንደሚጠበቅ ጻፉ።

ሁለተኛው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መስመሩ የሚነሳበት ቅደም ተከተል ነው። ጄኔሬተሩም በከፍታው ምክንያት ከሰሌዳው ያነሰ ነው የሚሰጠው፤ ሁለቱ ኮምፕረሰሮች በአንድ ጊዜ ከተነሡ ቮልቴጁ ይወርድና የፒኤልሲው ኃይል ይቋረጣል፣ መስመሩ እንደገና ከመጀመሪያ ይነሣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስቱም ፌዝ መኖሩ በመልቲሜትር ይታያል፣ ከዚያ የመቆጣጠሪያ ፓኔሉ፣ ፓምፖቹ፣ ዝቅተኛ ግፊት ኮምፕረሰሩ፣ እሱ ሥራውን ይዞ ሲረጋ ደግሞ ለጠርሙስ መንፊያው የሚሆነው ከፍተኛ ግፊት ኮምፕረሰር፣ መጨረሻ የመንፊያው ማሞቂያ። ኅዳርና ታኅሣሥ የውርጭ ወራት ናቸው፤ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ኮምፕረሰር ዘይቱ ስለሚወፍር ንጋት ላይ ወዲያው ጭነት ከተሰጠው ሞተሩ ከመጠን በላይ ይስባል፣ መከላከያውም ያቆመዋል። ያለ ጭነት እንዲዞርና እንዲሞቅ መተው ያስፈልጋል። ይህን እሷ በልምድ ታደርገዋለች፤ ወረቀት ላይ የትም የለም።

ሦስተኛው የመሙያ ማሽኑ ፒኤልሲ ፕሮግራም ነው። የኩባንያው ላፕቶፕ ላይ ቅጂ አለ፤ ሁሉም «ባክአፕ አለን» ብሎ ተኝቷል። ችግሩ ያ ቅጂ የተወሰደው መሐንዲሷ የጠርሙስ ቆጣሪውን ከማስተካከሏ በፊት መሆኑ ነው። ነገ ፒኤልሲው ቢበላሽና ያ ቅጂ አዲሱ ላይ ቢጫን ማሽኑ የቀድሞ ስሕተቱን ይዞ ይነሣል፤ ያኔ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው የለም። የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው፦ ላፕቶፑን ከማሽኑ ጋር አገናኙና በፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሩ የማወዳደሪያ ትእዛዝ ቅጂውንና እየሠራ ያለውን አወዳድሩ። ልዩነት ካሳየ የሚሠራውን ከማሽኑ አውርዳችሁ እንደ አዲስ አስቀምጡ፣ ምን እንደተቀየረም በሁለት መስመር ጻፉ።

የፋይሉን ስም ስትሰጡ ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ 2018 ለሌላ ሰው የስምንት ዓመት አሮጌ ፋይል ይመስለዋል፣ ይሰርዘውም ይሆናል። መለያ ጨምሩበት፦

```
FILLER_PLC_2018-03-10_EC.zip
```

የይለፍ ቃል በኢሜይልም በማስታወሻም አይጻፍም። በቡድን መሪው ፊት ይቀየራል፣ ወይም በታሸገ ፖስታ ይሰጣል። የራሳችሁ ስልክ ወይም ፍላሽ ላይ ያለውን የኩባንያ ፋይል ደግሞ ለመታሰቢያ አታስቀሩ፤ ንብረቱ የእነሱ ነው።

ተረካቢው መቻሉን የምታዩበትን ቀን ዕቅዱ ውስጥ አስገቡ

«አሳየዋለሁ» የሚል ዕቅድ ዋጋ የለውም። የሚያየው ሰው ሁሌ «ገባኝ» ይላል፣ በተለይ እናንተ ከጎኑ ስትቆሙ። ዕቅዱ መያዝ ያለበት ተረካቢው በእጁ የሚሠራበትንና እናንተ ዝም የምትሉበትን ቀን ነው። ለዚህ የታወቀ የማሽን ማቆሚያ ቀን ምረጡ። በዚህ ፋብሪካ እሑድ ጥገና አለ እንበል፤ ኅዳር 14፣ 21 እና 28 እሑድ ናቸው። ኅዳር 21 ግን ጽዮን ማርያምም ስለሆነ ሰው እንደማይገኝ ስለምታውቅ አልመረጠችውም። እንዲህ ያለውን ሳያዩ ቀን የሚያወጡ ዕቅዶች ወረቀት ላይ ብቻ ያምራሉ።

ኅዳር 14 ቀን ተረካቢው ማስታወሻውን ይዞ መስመሩን ከማጥፋት እስከ ማስነሣት በራሱ ይሠራል፤ እሷ እስክሪብቶ ይዛ ትቆማለች። ዞር ብሎ በጠየቃት ቁጥር ማስታወሻው ላይ የጎደለ መስመር አለ ማለት ነው፤ መልሱን ለእሱ ብቻ ከመንገር ወረቀቱ ላይ ትጽፈዋለች። ለደኅንነት ካልሆነ በቀር እጇን ፓኔል ላይ አታስገባም። ኅዳር 28 ቀን ደግሞ እሷ ግቢ ውስጥ አትኖርም፤ ስልኳ ክፍት ነው። ተደውሎላት የተጠየቀችው ነገር ካለ የሚቀሩት ጥቂት ቀናት ለእሱ ይውላሉ። መጨረሻ ላይ መሞከር የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ የወጣውን ክፍተት የምትደፍኑበት ቀን አይተርፍም።

ኢሜይሉ

እስካሁን ያለው ሲሰበሰብ ኢሜይሉ ራሱ አጭር ይሆናል። በስልክ ሲከፈት ቀኑና የመልቀቁ ጉዳይ ከላይ መታየት አለባቸው። ዕቅዱን አባሪ አድርጎ መላክ ንጹሕ ይመስላል፤ እኔ ግን አካሉ ውስጥ ቢገባ እመርጣለሁ፣ አባሪ ሳይከፈት ይቀራልና። ዝርዝር ማስታወሻዎቹ ግን የሚቀመጡት በጥገና ቢሮው ፋይል ውስጥ ነው፤ ኢሜይሉ የት እንዳሉ ይናገራል።

> ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ፤ የመጨረሻ የሥራ ቀን ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከርክክብ ዕቅድ ጋር
>
> ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር፣
>
> ዛሬ ጠዋት በአካል እንደነገርኩዎት በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለመልቀቅ ወስኛለሁ። ይህ ከዛሬ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ የሰጠሁት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሲሆን የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም (ዲሴምበር 10 ቀን 2025) ይሆናል። የተፈረመውን ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍል ገቢ አድርጌያለሁ።
>
> በሌላ ሰው እጅ የሌሉ ሦስት ሥራዎች አሉኝ፦ የጥሬ ውሃ ፓምፑ ድራይቭና የ30 ኪሎዋቱ ግዢ፣ መብራት ሲመለስ መስመሩ የሚነሣበት ቅደም ተከተል፣ የመሙያ ማሽኑ ፒኤልሲ ፕሮግራም። ለእነዚህ የሚከተለውን ዕቅድ አቅርቤያለሁ።
>
> ከኅዳር 2 እስከ 11፦ የሦስቱንም ማስታወሻ ጽፌ በጥገና ቢሮ በሰማያዊው ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። የፒኤልሲው ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር ተወዳድሮ አዲስ ቅጂ በኩባንያው ላፕቶፕና በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል።
>
> እሑድ ኅዳር 14፦ ተረካቢው ማስታወሻውን ይዞ መስመሩን ያቆማል፣ ያስነሣል። እኔ እገኛለሁ፤ የጎደለውን ማስታወሻው ላይ እጨምራለሁ።
>
> ከኅዳር 15 እስከ 27፦ በነዚህ ሦስት ጉዳዮች የሚመጣ ጥሪ መጀመሪያ ለተረካቢው ይሂድ፤ እኔ ከጎኑ እሆናለሁ። ግዢ ክፍል ድረስ አብረን ሄደን የድራይቩን ጥያቄ አስረክበዋለሁ።
>
> እሑድ ኅዳር 28፦ ተረካቢው ያለ እኔ ይሠራል። ስልኬ ክፍት ነው።
>
> ኅዳር 30 እና ታኅሣሥ 1፦ የይለፍ ቃሎች በእርስዎ ፊት ይቀየራሉ፤ መልቲሜትር፣ ክላምፕ ሜትር፣ ላፕቶፕና የፓኔል ቁልፎች ይመለሳሉ፤ የርክክብ ሰነዱን ሦስታችን እንፈርማለን።
>
> ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው፦ ተረካቢው እስከ ኅዳር 8 ቢታወቅልኝ። እስከዚያ ካልተመደበ ዕቅዱ እንዳይቋረጥ የኅዳር 14ቱን ሥራ በዕለቱ ሺፍት ካለው ቴክኒሻን ጋር እሠራለሁ፤ ማስታወሻዎቹንም ለእርስዎ አስረክባለሁ።
>
> ከሄድኩ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 15 ድረስ ከሥራ ሰዓት ውጭ በስልክ ጥያቄ እመልሳለሁ።
>
> የፓኔል ሥዕል ማንበብን በትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር፣
> (ስም፣ የሥራ መደብ፣ ስልክ)
>
> ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል

ጥቂት ቦታዎችን ላንሣ። «ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ውሳኔ ነው» የምትለዋ ትንሽ ድፍረት ያለባት ትመስላለች፤ ሆኖም ኢሜይሉን ከማሳወቂያነት ወደ ሥራ የምታሻግረው እሷ ናት። ቀን ከሌላት መልስ አይመጣም። ቀጥላ ያለችው «ካልተመደበ» የምትለዋም አስፈላጊ ናት፦ ተረካቢ ሳይመደብ ወሩ ማለቁ እዚህ አገር ያልተለመደ አይደለም፤ ያኔ «ሳታስረክቢ ሄድሽ» እንዳትባል መንገዱ ቀድሞ ተጽፏል።

ስልክ ላይ ስለመመለስ ያለው ቃል ገደብ ያለው መሆኑንም እዩ። «ምንጊዜም ደውሉልኝ» ደግነት ይመስላል፤ አዲሱ ሥራ ላይ ሁለተኛ ሳምንታችሁ ላይ ሳላችሁ ንጋት 11 ሰዓት ሲደወል ግን ወይ አትመልሱም ወይ ትማረራላችሁ። ምስጋናዋ አንዲት የተለየች ነገር ብትጠራ ይሻላል። «ለተደረገልኝ ሁሉ» ማንም ለማንም የሚጽፈው ነው።

ኢሜይሉን ለመላው ጥገና ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ማስተላለፍ የእናንተ ሥራ አይደለም። ቡድን መሪው ሲፈልግ ይናገራል።

ደብዳቤው ለብቻው ይሁን

ኢሜይል ብቻውን እንዳይቀር። አዋጁ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ እንዲሰጥ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ እንዲሆን ይፈልጋል። ሰው ኃይል ክፍል የሚያስፈልገው አራት መስመር ነው፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ በራስ ፈቃድ የመልቀቅ ቃል፣ የመጨረሻው ቀን። ስለ ድራይቭና ኮምፕረሰር እዚያ አይጻፍም። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፣ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን እንዲጻፍበት፣ ማኅተምም ካለ እንዲመታበት ጠይቁ። ክርክር ከመጣ 30 ቀኑ ከመቼ እንደተቆጠረ የሚያሳየው ያ ወረቀት ነው።

ከተላከ በኋላ

ቡድን መሪው ሁለትና ሦስት ቀን ዝም ካሉ በዕቅዱ የጻፋችሁትን ሥራ ቀጥሉ፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ማስታወሻ መጻፍና ፕሮግራም ማወዳደር የእለት ሥራችሁ ነው። ተረካቢው የሚመደብበት ቀን ሲያልፍ «ኢንጂነር፣ በኅዳር 1 ኢሜይሌ እንዳሳወቅኩት ማስታወሻዎቹን ለእርስዎ አስረክባለሁ» ብላችሁ በዚያው ኢሜይል ላይ መልሱ። አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ተያይዞ ይገኝ።

«ሌላ ወር ጨምሪልን» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ግዴታ የለባችሁም፤ ከተስማማችሁ ግን አዲሱ የመጨረሻ ቀን በጽሑፍ ይሁን፣ ለምን ሥራ እንደተጨመረም ይጠቀስ። ካልሆነ ያው ዕቅድ ይላላና ኅዳር 28 የነበረው ፈተና ወደ ጥር ይንሸራተታል።

ያልወሰዳችሁት የዓመት እረፍት ካለ በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ ልወስደው ማለት ያምራል፤ ዕቅዱን ግን ባዶ ያደርገዋል። ውል ሲቋረጥ ያልተወሰደ እረፍት በገንዘብ ስለሚከፈል መተው ይሻላል። ክሊራንሱን በመጨረሻው ቀን አትጀምሩ፤ ንብረት ክፍልና ፋይናንስ ፈራሚው ሰው ለመስክ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በእናንተ ስም የወጣ ዕቃ ሌላ ቴክኒሻን ጋ ካለ አሁኑኑ ወደ እሱ ስም አዛውሩት። የመጨረሻ ክፍያችሁ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ የሥራ መደብ፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያለ ክፍያ ይሰጣችኋል። ደብዳቤውን እዚያው በራፉ ላይ ሆናችሁ አንብቡት፤ የስም ፊደልና የቅጥር ቀን ስሕተት ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ተመልሶ ማስተካከል አንድ የሥራ ቀን ይበላል።